መጀመሪያ ከአማርኛ ወደ አማርኛ ተርጉሚው

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ደሴ ነው ያለሁት። የገጠር ውሃ ሥራ የሚሠራ ፕሮጀክት ውስጥ ጸሐፊ ነኝ። ቃለ ጉባኤውን በአማርኛ እይዛለሁ፣ ከዚያ ለውጭ አጋሮቻችን ወደ እንግሊዝኛ እተረጉመዋለሁ። እንግሊዝኛዬ መጥፎ አይደለም። ግን በላክሁ ቁጥር ‹ማን ነው የሚሠራው? መቼ ነው የሚያልቀው?› እያሉ ይመልሱልኛል። ጥቅምት 25 ቀን 2018 ከተደረገው ስብሰባ ሦስት መስመር ልኬልዎታለሁ፣ ስሞቹን ቀይሬያለሁ። አንድ፦ ‹የተበላሸው ፓምፕ እስከ 5/3/18 እንዲጠገን አቅጣጫ ተቀምጧል።› ሁለት፦ ‹አቶ ሰይድ ወ/ሮ ዘሃራን አነጋግረው የሒሳብ ሪፖርቱን የዛሬ 15 ያቅርቡ።› ሦስት፦ ‹ቀጣዩ ስብሰባ ኅዳር 2 ከጠዋቱ 3፡00 ይሆናል።› ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?»

እህቴ፣ ሦስቱንም መስመሮች ደጋግሜ አነበብኳቸው። እንግሊዝኛሽ ላይ ምንም ችግር አላየሁም። የጎደለው ከአማርኛው ነው። እነዚህ መስመሮች ስብሰባው ላይ ለነበረ ሰው ቁልጭ ያሉ ናቸው። ፓምፑ ሲነሳ ሁሉም ዞሮ ያየው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ራሱን ነቀነቀ፣ አለቀ። ያ ራስ መነቅነቅ ግን ወረቀቱ ላይ አልሰፈረም። አንቺም ያልሰፈረውን ልትተረጉሚው አትችይም።

ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የማደርገውን ልንገርሽ። እንግሊዝኛውን ከመጀመሬ በፊት አማርኛውን ወደ አማርኛ እተረጉመዋለሁ። እያንዳንዱን ውሳኔ ብቻውን ቁጭ አድርጌ ከጎኑ አራት ነገር በእርሳስ እጽፋለሁ፦ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ፣ ማለቁስ በምን ይታወቃል። አራቱም ከሞሉ እንግሊዝኛው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። አንዱ ባዶ ከቀረ መዝገበ ቃላት መክፈት ትቼ ስልክ አነሳለሁ። እስቲ ያንቺን ሦስት መስመሮች በዚህ መንገድ እንያቸው።

ከፓምፑ እንጀምር። «እንዲጠገን» ብለሽ ስትጽፊ ጠጋኙ ከዓረፍተ ነገሩ ወጥቷል። ቃለ ጉባኤ ስንይዝ ሁላችንም እንዲህ እንጽፋለን፤ ይጠገን፣ ይላክ፣ ይገዛ፣ ክትትል ይደረግ። ጨዋነትም አለበት፣ ሰውን በስም ጠርቶ ሥራ መጫን ይከብደናል። እንግሊዝኛም ይህንኑ ማለት ስለሚችል ቃል በቃል ስትተረጉሚው ሰዋስዉ አይሰበርም፣ ስህተቱም አይታይሽም። የውጭው አንባቢ ግን ወረቀቱን ይዞ «ማን?» ይላል። መካኒኩ ነው? የወረዳው የውሃ ባለሙያ ነው? የመንደሩ የውሃ ኮሚቴ ነው? እናንተ ናችሁ? ይባስ ብሎ አንዳንዱ አንባቢ አይጠይቅሽም፣ ራሱ ይገምታል። ገንዘቡን የሚሰጥ ሰው ከሆነ ደግሞ ግምቱ ብዙ ጊዜ እናንተ ላይ ነው የሚያርፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለዪ። ፓምፑን በእጁ የሚፈታው ሰውና ስለ ፓምፑ የሚጠየቀው ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። መካኒኩ ከኮምቦልቻ ይመጣ ይሆናል። ግን መካኒኩን የሚጠራው፣ መለዋወጫው መድረሱን የሚያረጋግጠው፣ ቀኑ ሲያልፍ «ለምን ዘገየ?» የሚባለው ሌላ ሰው ነው። «ማን» የሚለው ቦታ ላይ የሚገባው ይህ ሁለተኛው ነው፣ እሱም አንድ ሰው መሆን አለበት። «ኮሚቴው» ብለሽ አትጻፊ። ስብሰባው ሥራውን በእርግጥ ለኮሚቴው ሰጥቶ ከሆነ፣ ከኮሚቴው ማን እንደሚጠየቅ ሰብሳቢውን ጠይቂና ስሙን ጨምሪ። «የሚመለከተው አካል» የሚለውንም ዝም ብለሽ አትለፊው፣ እሱ እንግሊዝኛ ሲሆን ጭራሽ የማንም አይሆንም።

«አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ተወስኗል ማለት ነው? ወይስ ወደዚያ እንሂድ ተባለ ነው? በእኛ ቢሮዎች ለሁለቱም ይሠራል። «ተወስኗል» እና «ስምምነት ላይ ተደርሷል» የሚሉት ግዴታ ናቸው፣ ሥራ ይወጣቸዋል። «ሐሳብ ቀርቧል» እና «ተጠቁሟል» የሚሉት ግዴታ አይደሉም፣ ከውይይቱ ክፍል ይቆያሉ እንጂ ከሥራ ዝርዝሩ ውስጥ አይገቡም። «አቅጣጫ ተቀምጧል» መሐል ላይ ስለሆነ የትኛው እንደሆነ መወሰን ያለበት ሰብሳቢው ነው። አንቺ ገምተሽ በእንግሊዝኛው «ሹድ» ብለሽ ብትጽፊ ውሳኔውን ወደ ምክር ዝቅ ታደርጊዋለሽ፣ «ዊል» ብትይ ደግሞ ምናልባት ያልተገባ ቃል ታስገቢያለሽ። በኋላ ክርክር ሲነሳ የሚገለጠው ያንቺ ወረቀት ነው።

አሁን ቀኑን እንየው። 5/3/18 ማለት ለአንቺ ኅዳር 5 ቀን 2018 ነው። አሜሪካዊ ካየው ሜይ 3 ቀን 2018 ብሎ ያነባል፣ እንግሊዛዊ ካየው ማርች 5 ቀን 2018። ሁለቱም ድሮ ያለፈ ዘመን ስለሆነ ስህተት እንዳለ ይነቃሉ፣ ግን የትኛው ቀን እንደታሰበ አያውቁትም። ትክክለኛው ዓርብ ኖቬምበር 14 ቀን 2025 ነው። ወሩን ሁልጊዜ በፊደል ጻፊው፣ ዓመቱን ሙሉውን አራት አሃዝ አድርጊው፣ ከሁሉ በላይ ግን የሳምንቱን ቀን አትተይ። ዓርብ በእኛም ዓርብ ነው፣ በእነሱም ዓርብ ነው። በሁለቱ አቆጣጠር መካከል የማይቀየረው እሱ ብቻ ነው። ኅዳር 5ን ስትለውጪ ኖቬምበር 13 ላይ ብታርፊ ካላንደሩ ሐሙስ ይልሻል፣ ያኔ በአንድ ቀን መሳሳትሽን ወዲያው ታውቂያለሽ። እኔ ይህን መፈተኛ ከያዝኩ ወዲህ የቀን ስህተት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም ማለት እችላለሁ።

በቃል መያዝም አደጋ አለው። ብዙ ሰው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ነው ብሎ ከዚያ ይቆጥራል። ጳጉሜን 6 ስትሆን ግን ቀጣዩ መስከረም 1 የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። 2016 እንደዚያ ነበር፣ 2020ም እንደዚያ ይሆናል። በ2020 ኅዳር 5 የሚውለው ኖቬምበር 15 ላይ ነው። ይህ የአንድ ቀን መዛነፍ እነሱ ፌብሩዋሪ 29ን እስኪያልፉ ድረስ ይቆያል። በቃል ለያዘ ሰው ያ ግማሽ ዓመት ሙሉ ስህተት ነው።

«እስከ» የምትለዋም ትንሽ ቃል ሆና ትልቅ ነገር ታበላሻለች። «እስከ ዓርብ ይጠገናል» ስንል ዓርብ ወይም ከዚያ በፊት አልቆ ይገኛል ማለታችን ነው። መዝገበ ቃላቱ «እስከ» ሲባል መጀመሪያ «አንቲል»ን ይሰጥሻል፣ እሱን ካስገባሽ ግን ጥገናው ዓርብ ድረስ ሲካሄድ ይቆያል የሚል ስሜት ይወጣዋል። ለማለቂያ ቀን የሚሆንሽ «ባይ» ነው። ዓርብ ራሱ ይቆጠራል ወይ የሚል ጥያቄ እንዳይነሳም «ዓርብን ጨምሮ» የሚል ሐረግ በሁለቱም ቋንቋ ጨምሪ።

አራተኛው ነገር ቀርቷል፣ ማለቁ በምን ይታወቃል? «ተጠገነ» ሲባል ሞተሩ ተነሳ ነው ወይስ ቦኖው ላይ ውሃ ወረደ? ይህን ሰብሳቢውን ስትጠይቂ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነግርሻል። እንግዲህ የፓምፑ መስመር ወደ አማርኛ ሲተረጎም ይህን ይመስላል፦ «አቶ እገሌ የተበላሸውን ፓምፕ ያስጠግናሉ፤ ማለቂያው ዓርብ ኅዳር 5 ቀን 2018 ነው፣ ዓርብን ጨምሮ፤ ሥራው አለቀ የሚባለው ቦኖው ላይ ውሃ ሲወርድ ነው።» «እንዲጠገን» የነበረው «ያስጠግናሉ» ሆነ። በዚያች አንዲት ግሥ ባለቤቱ ተመለሰ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመተርጎም ከእንግዲህ ምን ያቅትሻል?

ሁለተኛው መስመር ላይ ስም አለ፣ ግን ስም መኖሩ እንዳያዘናጋሽ። «አቶ ሰይድ ወ/ሮ ዘሃራን አነጋግረው ሪፖርቱን ያቅርቡ።» በአማርኛው አቅራቢው አቶ ሰይድ ብቻ ናቸው። ወ/ሮ ዘሃራ መረጃ ይሰጣሉ፣ በዚያ ያበቃል። ግን «አነጋግረው» እና «ያቅርቡ» የአክብሮትም የብዙ ቁጥርም ቅርጽ ናቸው። ትንሽ ቸኮል ብለሽ በእንግሊዝኛው «ዘይ» ብለሽ ካለፍሽ አቅራቢዎቹ ሁለት ሆኑ። ሁለት ባለቤት ያለው ሥራ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል። በአክብሮት የምንጠራው ሰው ሴት ይሁን ወንድ ግሡ አይነግርሽም፣ ስለዚህም ዓረፍተ ነገሩ መሐል ላይ «ሂ» እና «ሺ» መምረጥ ሲያስቸግርሽ ተውላጠ ስሙን ተይውና ስሙን ድገሚው። መደጋገሙ ጆሮ አይስብም፣ ይሁን። ቃለ ጉባኤ ነው፣ ሰው ማን እንደሆነ ይወቅ እንጂ።

ስሙ ራሱስ? እኛ ወሎ ውስጥ ነን። ሰይድ፣ አሊ፣ መሐመድ፣ አህመድ በየቤቱ አለ፣ አንድ ስብሰባ ላይ ሁለት ሰይድ አሊ ብታገኚ አይግረምሽ። አማርኛው «አቶ ሰይድ» እና «ሼህ ሰይድ» ብሎ ይለያቸዋል። እንግሊዝኛው ላይ ማዕረጉን ስትጥይው ሁለቱ አንድ ሰው ይሆናሉ። የባሰው የሚመጣው ደግሞ ፈረንጁ ሁለተኛውን ስም የቤተሰብ ስም ብሎ ወስዶ «ሚስተር አሊ» ብሎ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው፤ አሊ አባታቸው ናቸው፣ ሥራ አልተሰጣቸውም። አጻጻፉም አለ። በአንዱ ወር «ኤስ-ኢ-አይ-ዲ» ብለሽ ጽፈሽ በሌላው «ኤስ-ኤ-አይ-ዲ» ካልሽ፣ ዝርዝሩን በኮምፒውተር ለሚፈልግ ሰው ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ያልተጠናቀቀው ሥራም ከመጀመሪያው ስም ጋር ተቀብሮ ይቀራል። አንድ ገጽ ያዢ። የእያንዳንዱን ሰው ስም ከነአባቱ፣ ኃላፊነቱን፣ በእንግሊዝኛ የሚጻፍበትን አንድ ብቸኛ አጻጻፍ አስፍሪበት። ባለቤቶቹን ራሳቸውን ጠይቂ፣ በፓስፖርት ወይም በባንክ ደብተር ላይ ያለውን ይንገሩሽ። ከዚያ ወዲያ አትቀይሪው።

«የዛሬ 15» የምትለው ደግሞ የእኛው ናት። ጥቅምት 25 ማክሰኞ ነበር። የዛሬ 15 ስንል ሁለት ሳምንት ነው የምንለው፣ ማክሰኞ ኅዳር 9፣ ኖቬምበር 18። የዛሬዋን ቀን አብረን ስለምንቆጥር ነው 15 የሚሆነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስደሽ «ከ15 ቀን በኋላ» ብለሽ ብትተረጉሚ እሱ ከነገ ጀምሮ ይቆጥርና ረቡዕ ኅዳር 10 ላይ ያርፋል። አንድ ቀን ነው፣ ግን የሪፖርት መዝጊያ ቀን ሲሆን አንድ ቀን ብዙ ነው። «በስምንት ቀን ውስጥ» የሚለውም እንደዚሁ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ ቆጠራን አትተርጉሚ። ቆጥረሽ ጨርሰሽ የደረስሽበትን ቀን ጻፊ፣ ከነሳምንቱ ቀን።

ሦስተኛው መስመር ከሁሉ አጭሩ ነው፣ እኔን ግን በጣም ያስከፈለኝ እሱ ነው። ከዓመታት በፊት ሐይቅ አካባቢ ለገበሬዎች ዘር የሚያከፋፍል ሥራ ላይ ነበርኩ። ቃለ ጉባኤው «ዘሩ ከጠዋቱ 3፡00 ይደርሳል» ይላል። እኔ ስተረጉም 3፡00ን እንዳለ አስቀመጥኩት፣ «ከጠዋቱ» የምትለዋን ጣልኳት። የመኪናው ስምሪት በእጁ የነበረው የውጭ ሰው ሌሊት ዘር አይራገፍም ብሎ አሰበ፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ነው አለ። መኪናው የደረሰው በእኛ 9 ሰዓት ነው። ገበሬዎቹ ከማለዳ ጀምሮ አህዮቻቸውን ይዘው ቆመዋል። አንድ ሽማግሌ የአህያቸውን ኮርቻ ሁለት ጊዜ አውርደው ሁለት ጊዜ ሲጭኑ አይቻለሁ፣ አህያዋ ጀርባዋ ተልጦ ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ሳይጭኑ ባዶዋን ነድተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ከወረቀቱ አንዲት ቃል ስለጣልኩ ነው።

ስለዚህ ከጠዋቱ 3፡00ን 9፡00 አድርጊው፣ «ኤኤም» የሚለውንም አትርሺ፣ አጠገቡም «በኢትዮጵያ 3፡00» ብለሽ ጻፊ። ሁለቱም ይኑሩ። አንዱን ብቻ ካስቀመጥሽ አንባቢው ለውጠሽው ይሁን ሳትለውጪው አያውቅም፣ ጠንቃቃ የሆነውም ሰው እንደገና ስድስት ሰዓት ይቀንስበታል። ያንቺ ስብሰባ እንግዲህ ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018፣ ኖቬምበር 11 ቀን 2025፣ ጠዋት 9፡00፣ በኢትዮጵያ 3፡00 ነው።

በነገራችን ላይ በደብዳቤሽ ባይኖርም ሳትውይ ሳታድሪ የሚያጋጥምሽ ሌላ የቀን ዓይነት አለ። «ከግሸን በፊት»፣ «ለባቲ ገበያ»፣ «ከኢድ በኋላ»። በአገራችን ስብሰባ እንዲህ ነው የሚወራው፣ ማንም አይሳሳትም። ግሸን መስከረም 21 ነው፣ ስለዚህ ወደ ኦክቶበር 1፣ ከጳጉሜን 6 በኋላ ባለው ዓመት ደግሞ ወደ ኦክቶበር 2 መለወጥ ትችያለሽ፣ «በፊት» ከተባለ ግን ስንት ቀን በፊት እንደሆነ ጠይቂ። ባቲ ሰኞ ነው፣ የትኛው ሰኞ እንደሆነ ጻፊ። ኢድ ግን በጨረቃ ነው፣ ቀኑ አስቀድሞ አይቆረጥም። እዚያ ላይ ሰብሳቢውን «ኢድ የትም ቢውል እስከ መቼ እንጠብቅ?» ብለሽ ቁርጥ ያለ ቀን አውጪ። «ሁለተኛ ሩብ ዓመት» ሲባልም ተጠንቀቂ፤ የእኛ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሁለተኛው ሩብ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፣ የሚዘጋው ጃንዋሪ 8 አካባቢ ነው። ዓመታቸውን በጃንዋሪ የሚጀምሩ አጋሮች ግን ሁለተኛ ሩብ ሲሉ ከኤፕሪል እስከ ጁን ነው የሚያስቡት። የሩቡን ቁጥር ተይውና የሚዘጋበትን ቀን ጻፊ።

አሁን ያለው ጥያቄ ባዶ ያገኘሽውን ቦታ ምን ታደርጊዋለሽ የሚለው ነው። አትሙዪው። ይህን አጥብቄ ነው የምልሽ። ማን እንደሚጠግን ታውቂ ይሆናል፣ እዚያው ስለነበርሽ። ግን ወረቀቱ ላይ የፈረሙት ሰዎች በዚያ ስም ላይ አልፈረሙም። የተፈረመውን አማርኛም አትነካኪው። ለሰብሳቢው ደውዪ፣ ወይም አጭር መልእክት ላኪላቸው፦ «የፓምፑን ጥገና የሚያስፈጽመው ማን ነው? ውሳኔ ነው ወይስ ሐሳብ? ማለቂያው ዓርብ ኅዳር 5 ነው?» ሦስት ጥያቄ፣ በአንድ ቃል የሚመለስ። መልሱን ከነቀኑ ከፋይሉ ጋር አያይዢው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ሲጸድቅ ማብራሪያው አብሮ እንዲጸድቅ አስነሺ። መልስ ሳታገኚ መላክ ግድ ከሆነ በእንግሊዝኛው ሠንጠረዥ ላይ፣ በባለቤቱ ቦታ «በቃለ ጉባኤው አልተጠቀሰም» ብለሽ ተርጉመሽ ጻፊ። ብዙዎች ይህን መጻፍ ያፍራሉ። ለአንባቢው ግን ከተገመተ ስም ይሻለዋል፣ ማንን ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃልና።

ከመላክሽ በፊት ስብሰባው ላይ ያልነበረ አንድ የሥራ ባልደረባ ፈልጊ። እንግሊዝኛውን ብቻ ስጪው፣ አማርኛውን አታሳዪው። «ማን ምን እስከ መቼ ይሠራል?» ብለሽ በአማርኛ አስነግሪው፣ አንቺ የእርሳሱን ወረቀት ይዘሽ ተከታተዪ። የተደናቀፈበት ወይም «መሰለኝ» ያለበት ቦታ ላይ እንደገና ትጽፊያለሽ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

የላክሽውን የጥቅምት 25 ወረቀት ደግሞ በዝምታ በአዲስ እንዳትተኪው። አንዱ አሮጌውን አውርዶ ይዞ ይሆናል። የሥራዎቹን ተራ ቁጥር ሳትቀይሪ ከላይ «ማስተካከያ 1» ብለሽ ቀኑን ጻፊ፣ የተለወጡት የትኞቹ መስመሮች እንደሆኑ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጪና ላኪው። ከዚያ በፊት ግን ለሰብሳቢው ደውዪ። ፓምፑን ማን እንደሚያስጠግነው ገና አልጻፍሽም።